ያነባል፣ ግን አይገባውም፦ የበለዘ ጥርስን በሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ላይ የተደረገ ሥራ

እስቲ ይህን አንቀጽ አንብቡት።

«በስምጥ ሸለቆው ወለል የሚገኘው የከርሰ ምድር ውኃ ከፍተኛ የፍሎራይድ መጠን አለው። ይህም የሆነው የአካባቢው ዓለት እሳተ ገሞራዊ በመሆኑ፣ እንዲሁም ውኃው ባይካርቦኔት የበዛበትና ካልሲየም ያነሰው ስለሆነ ፍሎራይዱ ዘቅጦ ባለመወገዱ ነው። በዚህ የተነሣ የጥርሳቸው ኤናሜል በሚሠራበት ዕድሜ ይህን ውኃ የጠጡ ሕፃናት ጥርሳቸው ሲበልዝ፣ ካደጉ በኋላ ወደ አካባቢው የመጡ ሰዎች ግን ይህ አይደርስባቸውም።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ። አዳማ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ በንባብ የሚቸገሩ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ሳግዝ እጠቀምበታለሁ። የመረጥኩት ጉዳዩ ከደጃቸው ስለሆነ ነው፤ ወንጂ አካባቢ ተወልዶ ያደገ፣ ጥርሱ የበለዘ አጎት ወይም ጎረቤት የማያውቅ ልጅ አዳማ ውስጥ ብዙ አይገኝም። ታዲያ አብዛኞቹ ልጆች አንቀጹን ሳይደናቀፉ ያነቡታል። «ምን ይላል?» ሲባሉ ግን «ስለ ውኃ ነው» ይላሉ፤ ወይም ከአንቀጹ አንድ ሐረግ እንዳለ ቀድተው ይመልሳሉ። «ካልሲየም ማነሱ ፍሎራይዱን ምን አደረገው?» ሲባሉ ዝም ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙ ወላጅና ብዙ መምህር የሚሰጠው መድኃኒት «ደግመህ አንብበው» የሚል ነው። ልጁ ደግሞ ያነብባል፤ ሦስተኛም ያነብባል። ምንም አይጨምርለትም፤ የጎደለው ነገር አንቀጹ ውስጥ የለምና። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ካልሲየምና ፍሎራይድ ውኃ ውስጥ ሲገናኙ ተያይዘው ጠጣር ነገር እንደሚሠሩ፣ ያም ጠጣር ከውኃው እንደሚለይ የትም አልተጻፈም። ጸሐፊው «ይህንማ አንባቢዬ ያውቀዋል» ብሎ አልፎታል። የሚያውቅ አንባቢ ክፍተቱን ሳያስተውለው ከራሱ ሞልቶ ያልፋል፤ የማያውቅ አንባቢ «ስለሆነ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ተይዘው ይቀሩበታል። ከባድ ጽሑፍ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ረጅም ቃል የሞላበት ሳይሆን፣ ጸሐፊው የዘለለው ነገር የበዛበት ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 64 የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ አንድ የቤዝቦል ጨዋታ የተጻፈ ጽሑፍ አስነበቡ። ተማሪዎቹ አራት ወገን ነበሩ፤ ከጎበዝ አንባቢዎቹ ጨዋታውን የሚያውቁና የማያውቁ፣ ከደካማ አንባቢዎቹም እንዲሁ። ካነበቡ በኋላ የሆነውን ነገር በትንሽ ሜዳ ላይ ምስሎችን እያንቀሳቀሱ እንዲያሳዩና በቃላቸው እንዲናገሩ ተደረገ። ጨዋታውን የሚያውቁት «ደካሞች» ጨዋታውን ከማያውቁት «ጎበዞች» በልጠው ተገኙ።

ይህን ለማመን አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። «ማንበብ አይችልም» የሚባለውን ልጅ ስለ እግር ኳስ የተጻፈ ነገር ስጡት። «ተከላካዮቹ ወደ ፊት ወጥተው መስመር ሲሠሩ የቀኙ በመዘግየቱ አጥቂው ከግብ ጠባቂው ጋር ብቻውን ተገናኘ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያለ አንዳች ችግር ያስረዳችኋል። ከጨዋታ ውጪ የሚባለውን ሕግ የማያውቁ ዶክተር አክስቱ ግን የአንድ ተከላካይ መዘግየት ለምን እንደሚያጣላ አይገባቸውም። ዓረፍተ ነገሩ ሕጉን አልነገራቸውም።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት አንድ ማጣሪያ አለ። የልጁ ችግር እውቀት ማጣት ነው ወይስ ፊደሉን ቶሎ አለማንበብ? ይህን ለመለየት ቀላሉ መንገድ አንቀጹን እኛው ጮክ ብለን፣ ሳንቸኩል ማንበብ ነው። በጆሮው ሲሰማው የሚገባው ልጅ ችግሩ ንባቡ ላይ ነው፤ ጉልበቱ ሁሉ ፊደል በመለየት ያልቃል፣ መድኃኒቱም በየቀኑ ጮክ ብሎ ማንበብ እንጂ ስለ ፍሎራይድ መማር አይደለም። በጆሮውም ሰምቶ ካልገባው ግን የጎደለው እውቀት ነው። ሁለቱም ያለበት ልጅ አለ፤ ለእሱ ሁለቱም ያስፈልጉታል፣ በተለያየ ሰዓት። ከዚህ በታች የምለው ለሁለተኛው ልጅ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ አንቀጹን የተሸከሙትን ሐሳቦች መለየት ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ከባድ ቃላትን ሁሉ አውጥተው ፍቺያቸውን በሰሌዳ ላይ ይደረድራሉ። ልጁ ሃያ ፍቺ ገልብጦ ይወጣል፤ አንቀጹ እንደ ቀድሞው ዝግ ነው። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ አንድ ነው፤ «ልጁ ይህን ባያውቅ 'ስለሆነ' እና 'በመሆኑ' የሚሉት ቃላት ይወድቃሉ ወይ?» በዚህ መለኪያ ከላይ ያለው አንቀጽ የቆመው በአራት ሐሳቦች ላይ ነው። አንደኛ፣ የከርሰ ምድር ውኃ በዓለት ቀዳዳና ስንጥቅ መካከል ለረጅም ጊዜ የሚቆይና በዝግታ የሚጓዝ ውኃ ነው። ሁለተኛ፣ ውኃ ከሚነካው ዓለት ጥቂት ጥቂት ያሟሟል፤ ጥርት ያለ ውኃ ባዶ ውኃ አይደለም። ሦስተኛ፣ ውኃ ውስጥ የሟሙ ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ጠጣር ሠርተው ከውኃው ሊለዩ ይችላሉ። አራተኛ፣ ኤናሜል የሚባለው ጠንካራው የጥርስ የላይኛው ሽፋን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ይሠራል። «ባይካርቦኔት» የሚለው ቃል ያስፈራል እንጂ ለጊዜው «ውኃው ውስጥ የሟሟ ነገር» ብሎ ቢያልፈው ልጁ አይጎዳም፤ ኋላ እመለስበታለሁ። «ስምጥ ሸለቆ» የሚለውን ደግሞ የሚኖሩበት ስለሆነ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ መሬት እየተለጠጠች ስትሳሳ ከሥር ቀልጦ የነበረው ነገር ወጣ፣ የቦሰት ተራራ፣ ባልጩቱና ለግንባታ የሚዛቀው ቀይ የገሞራ አሸዋ የዚያ ውጤት ናቸው።

ሁለተኛው ሥራ ልጁ ራሱ ውስጥ ያለውን ማወቅ ነው። «የከርሰ ምድር ውኃ ታውቃለህ?» ማለት ከንቱ ነው፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ፓምፑ ከመሳቡ በፊት ውኃው የት ነበር? ሥዕሉን ሥራልኝ» ስትሉት ግን እውነቱ ይወጣል። ብዙዎቹ ከመሬት በታች ትልቅ ሐይቅ ወይም የሚጋልብ ወንዝ ይሥላሉ። ወንዝ ውስጥ ያለ ውኃ ደግሞ ከዓለት ጋር የሚገናኝበት ፋታ የለውም። ስለዚህ የዓለቱ ዓይነት ለምን እንደተነሣ ለዚህ ልጅ አይገባውም።

ጥርስን በተመለከተ ያለው ችግር ከዚህ ይብሳል። አንዱን ልጅ «ጥርስ ለምን ይበልዛል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ሳይፋቅ ሲቀር ነው፣ ጋሼ።»

«አጎትህ መፋቂያ ከአፉ አይለይም አላልከኝም?»

«እሱማ ሸንኮራ ስላበዛ ነው።»

ይህ ልጅ ባዶ አይደለም፤ የተሳሳተ ማብራሪያ ይዟል። ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ «ሕፃናት ጥርሳቸው ይበልዛል» የሚለውን «ሕፃናት መፋቅ ስለማይችሉ» ብሎ ከራሱ ጋር ያስታርቀዋል፤ ገብቶኛልም ብሎ ያልፋል። ምንም የማያውቅ ልጅ ቢያንስ እንዳልገባው ያውቃል። ስለዚህ የተሳሳተውን ነገር ከንባቡ በፊት ማውጣትና በግልጽ መንካት ያስፈልጋል። በወንጂ ምሳሌ ይህ አይከብድም። የስኳር ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1954 በሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ሥራ ሲጀምር ከሌላ ቦታ ብዙ ሠራተኛ መጣ። ሸንኮራው ጥርስን የሚያበልዝ ቢሆን ኖሮ ትልቅ ሆነው መጥተው ዓመታት የኖሩት ሠራተኞችም በበለዘባቸው ነበር። የበለዘው ግን እዚያው የተወለዱትና ያደጉት ልጆች ጥርስ ነው። ይህን ልዩነት ልጁ ፊት ማስቀመጥ ብቻ «ታዲያ ምንድን ነው?» ያሰኘዋል።

ሦስተኛው ሥራ ግንባታው ነው፤ አብዛኛው ጊዜ የሚሄደውም እዚህ ላይ ነው። አራቱን ሐሳቦች በንግግር ብቻ መስጠት ይቻላል፣ ግን አይቆዩም። ለሁለተኛው ሐሳብ የታጠበ መስታወት ላይ ሁለት ጠብታ የጉድጓድ ውኃ አድርጉና ፀሐይ ላይ ተዉት። በአዳማ ሙቀት ለመድረቅ ብዙ አይፈጅበትም። ውኃው ሄዶ ነጭ ክብ ምልክት ይቀራል። «ይህ ነጭ ነገር ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ትምህርት ነው። አጠገቡ ንጹሕ የዝናብ ውኃ ጠብታ ካለ ደግሞ ይበልጥ ይጠራል፤ ያኛው የሚተወው ምልክት እምብዛም አይታይም፣ ከዓለት ጋር አልቆየምና።

ለሦስተኛው ሐሳብ የምወደው የኖራ ውኃ ነው። ለቀለም ከሚሸጠው፣ በውኃ ከጠፋና ከበረደ ኖራ አንድ ማንኪያ በአንድ ጠርሙስ ውኃ ውስጥ በጥብጣችሁ ታሳድሩታላችሁ። ውኃ ሲነካው የሚግል ያልጠፋ ኖራ ግን አደገኛ ስለሆነ አይነካ። ጠዋት ኖራው ከታች ረግቶ ከላይ ጥርት ያለ ውኃ ይቀመጣል። እሱን ብቻ በቀስታ ወደ ብርጭቆ ትገለብጡና ልጁ በስትሮ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይነፋል። መሳብ ክልክል ነው፤ ዓይን እንዳይገባም ይጠንቀቅ። ጥቂት እንደነፋ ጥርት ያለው ውኃ ወተት ይመስላል። ውኃው ውስጥ የሟሟው ካልሲየም ከትንፋሹ ጋር ከገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተገናኝቶ ነጭ ጠጣር ሠራ። ብርጭቆው ሲቀመጥ ነጩ ነገር ከታች ይዘቅጣል። «ዘቅጦ ተወገደ» የሚለው ሐረግ ከዚያ በኋላ ለልጁ ቃል ብቻ መሆኑ ይቀራል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ልጁ ደስ ብሎት ሳያቋርጥ ሲነፋ ከቆየ ነጩ ነገር ተመልሶ ይሟሟና ውኃው ይጠራል፤ ትምህርቱም ይገለበጣል። ነጭ እንደሆነ ማስቆም ነው።

ይህ ሙከራ ሁለት ሥራ ይሠራል። በቀጥታ የሚያሳየው የካልሲየምን መዝቀጥ ነው፤ «ካልሲየም ፍሎራይድንም ሲያገኘው እንዲሁ ጠጣር ይሠራል» ብሎ ማስፋት ከዚያ በኋላ ቀላል ነው። ቀደም ሲል የዘለልኩት ባይካርቦኔትም የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ባይካርቦኔት በበዛበት ውኃ ውስጥ ካልሲየሙ ብርጭቆው ውስጥ ባያችሁት ነጭ ጠጣር መልክ አስቀድሞ ይለያል። ስለዚህ ፍሎራይዱን የሚይዝ ካልሲየም ውኃው ውስጥ ትንሽ ይቀራል። አንቀጹ «ባይካርቦኔት የበዛበትና ካልሲየም ያነሰው» ብሎ ሁለቱን አንድ ላይ ያነሣው በአጋጣሚ አይደለም። ይህን ለሁሉም ልጅ አልናገርም፤ ሦስተኛው ሐሳብ በደንብ የገባው ልጅ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠይቃል።

አራተኛው ሐሳብ ሙከራ አያስፈልገውም፤ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ይበቃል። የፊት የወተት ጥርሱ ወልቆ አዲሱ ብቅ ሲል፣ የሚወጣው ጥርስ ተሠርቶ ያለቀ ነው። ኤናሜሉን የሠሩት ሕዋሳት ሥራቸውን ጨርሰዋል፤ ጥርሱ ከወጣ በኋላ አይኖሩም፣ የተሠራውን የሚያድስም የለም። ከመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶች በቀር የቋሚ ጥርሶች ኤናሜል እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ተሠርቶ ያልቃል። የፊቶቹ ደግሞ ከዚያም ይቀድማሉ። በዚያ ጊዜ የተጠጣው ፍሎራይድ መጠኑ ሲያልፍ የኤናሜሉን አሠራር ያበላሸዋል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ብዙዎቹ ከዚህ ያልፋሉ።

ከሙከራው ጎን ለጎን አጫጭር ጽሑፎች ይነበባሉ፤ እያንዳንዳቸው ከግማሽ ገጽ አይበልጡም፣ ቋንቋቸውም ቀላል ነው። አንዱ ስለ ጉድጓድ ውኃ፣ አንዱ ስለ እሳተ ገሞራ ዓለት፣ አንዱ ስለ ጥርስ አበቃቀል፣ አንዱ ስለ ወንጂ። ቁም ነገሩ ሁሉም ስለ አንድ ጉዳይ መሆናቸው ነው። በብዙ የንባብ መልመጃ ሰኞ ስለ ዝሆን፣ ረቡዕ ስለ ትራፊክ መብራት፣ ዓርብ ስለ ማር ይነበባል፤ ልጁ በእያንዳንዱ ቀን ከዜሮ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት የአራተኛ ክፍል ልጆችን ከፍሎ ግማሹን ስለ ወፎች ብቻ የሚያወሩ ተከታታይ ጽሑፎች፣ ግማሹን እርስ በርስ የማይገናኙ ጽሑፎች አስነብቦ ነበር። በኋላ ለሁሉም ስለ ወፎች አንድ አዲስ ጽሑፍ ሲሰጥ፣ በወፎቹ ላይ የቆዩት ልጆች የተሻለ አስታውሰው ተገኙ። በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለት ሳምንት መቆየት ያሰለቻል የሚል አለ። በእኔ አስተያየት ልጅን የሚያሰለቸው ያልገባው ነገር ነው።

«ሟሟ» እና «ዘቀጠ» የሚሉት ቃላት በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ደጋግመው፣ በተለያየ ዓረፍተ ነገር ይመጣሉ። ፍቺ የሚያዘው እንዲህ ነው፤ ስኳር ሻይ ውስጥ ሲሟሟ፣ ዓለት ውኃ ውስጥ ሲሟሟ፣ ነጩ ነገር ተመልሶ ሲሟሟ።

ከዚያ በኋላ ወደ አንቀጹ እንመለሳለን። ልጁ በዝግታ ያነብባል፤ «ስለሆነ»፣ «በመሆኑ»፣ «በዚህ የተነሣ» የሚሉት ቃላት ላይ ይቆማል። እዚያ ላይ አንድ ሥራ ይሰጠዋል፤ ጸሐፊው የዘለለውን ዓረፍተ ነገር በራሱ ቃል በኅዳጉ ላይ ይጽፋል። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ጎን «ካልሲየም ቢኖር ፍሎራይዱን ይዞት ይወርድ ነበር፤ ስለሌለ ግን እንደሟሟ ይቀራል» ብላ ጽፋለች። ከሦስተኛው ጎን ደግሞ «ትልቅ ሰው ጥርሱ ስላለቀ» አለች። ሁለተኛው አጭር ነው፣ እንዲያውም ጥርሱ ያረጀ ያስመስላል፤ «ምኑ ነው ያለቀው?» ስላት «መሠራቱ» አለች። ይበቃል።

ገብቶታል ወይ የሚለውን የሚለየው አንቀጹን መድገም አይደለም። መድገም ያልገባውም ልጅ ይችላል። የሚለየው መልሱ አንቀጹ ውስጥ የሌለ ጥያቄ ነው። «የ35 ዓመት እናት፣ የ12 ዓመት ወንድ ልጅና የአንድ ዓመት ሴት ልጅ ከአዲስ አበባ መጥተው ፍሎራይድ የበዛበት ጉድጓድ ያለበት መንደር ቢኖሩ፣ የማን የፊት ጥርስ ይበልዛል?» የሕፃኗ ብቻ። «ጎረቤት መንደር ያለው ጉድጓድ ካልሲየም ቢበዛበትስ?» ፍሎራይዱ ዝቅ ይላል ብለን እንጠብቃለን። የምወደው ሦስተኛው ነው፤ «ውኃውን አፍልተን ብንጠጣስ?» ብዙ ልጅ «ይጠፋል» ይላል፣ ማፍላት ውኃን ያጠራል ሲባል ሰምቶ አድጓልና። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድ ግን ሕይወት ያለው ነገር አይደለም፣ በእንፋሎትም አይወጣም። እንዲያውም ከውኃው ጥቂት ስለሚተን የቀረው ውስጥ መጠኑ በትንሹ ከፍ ይላል። የመስታወቱን ጠብታ አስታውሶ እዚህ መልስ ላይ የደረሰ ልጅ አንቀጹን ተረድቶታል።

ሥራው የሚበላሽበት ዋናው መንገድ መምህሩ ራሱ ነው። አራቱን ሐሳቦች አስረድቶ ሳይበቃው መደምደሚያውንም ይናገራል፤ «እንግዲህ ሕፃናት ጥርሳቸው የሚበልዘው ለዚህ ነው» ብሎ ይጨርሰዋል። ልጁ ከዚያ በኋላ አንቀጹን ለምን ያነብባል? ጡቡን ማቅረብ እንጂ ግድግዳውን መሥራት የእኛ ሥራ አይደለም። በሌላ በኩል «ስለዚህ ጉዳይ የምታውቁትን ተናገሩ» ብሎ ሰሌዳ መሙላት የተለመደ ነው። ያለ እውቀትን ማስታወስ ጥሩ ነው፤ የሌለ እውቀት ግን በማስታወስ አይመጣም፤ መሰጠት አለበት።

ታሪክ ላይ አካሄዱ ያው ነው፤ የሚጎድለው ነገር ዓይነት ግን ይለያል። በሳይንስ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው አንድ ነገር ሌላውን እንዴት እንደሚያመጣ ነው፤ በታሪክ የሚዘለለው ማን ምን ፈልጎ ነበር የሚለውና ካርታው ነው። «እ.ኤ.አ. በ1869 የስዊዝ ቦይ መከፈቱ የቀይ ባሕርን ዳርቻ ለአውሮፓ መንግሥታት ተፈላጊ አደረገው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ውሰዱ። ከዚያ በፊት ከአውሮፓ ወደ ሕንድ የሚሄድ መርከብ አፍሪካን ዞሮ ይሄድ እንደነበር የማያውቅ ልጅ፣ የአንድ ቦይ መቆፈር አሰብንና ምጽዋን ምን እንደነካቸው አይገባውም። የዘመኑ መርከብ በድንጋይ ከሰል እንደሚሠራና በመንገዱ ላይ ከሰል የሚሞላበት ወደብ እንደሚያስፈልገው ሲጨመርለት ደግሞ፣ የኢጣሊያው የሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ በዚያው ዓመት አሰብን መግዛቱ፣ ኢጣሊያም እ.ኤ.አ. በ1885 ምጽዋን መያዟ ተከታታይ ነገር ይሆኑለታል። ካርታ ላይ በጣት መንገዱን ማስኬድ እዚህ ላይ የኖራውን ውኃ ቦታ ይይዛል።

ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ችግሩም ሁለት እጥፍ ይመስላል። ግን እውቀት ቋንቋ ሲለወጥ አይጠፋም። ካልሲየም ፍሎራይድን ይዞ እንደሚዘቅጥ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተረዳ ልጅ በእንግሊዝኛው ምዕራፍ የሚፈልገው ስሞቹን ብቻ ነው። ስለዚህ ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ ከባድ ምዕራፍ ከመጀመሩ በፊት ስለዚያው ጉዳይ በሚናገረው ቋንቋ አንድ ሁለት ገጽ ማስነበብ ጊዜ ማባከን አይደለም። ጊዜ የሚያባክነው ያልገባውን ገጽ በመዝገበ ቃላት እየፈታ ሲያመሽ ነው።

የዚህ ሁሉ ወሰን ግልጽ ነው። ስለ ፍሎራይድ የተገነባው እውቀት ስለ ዘመነ መሳፍንት የተጻፈን ጽሑፍ አይከፍትም። ስለዚህ ቀጣዩን ጽሑፍ ስንመርጥ ሩቅ አንዘልም። ከበለዘ ጥርስ ቀጥሎ እኔ የምሰጠው የዝዋይና የአቢያታ ሐይቆችን የሚያነጻጽር አንቀጽ ነው፤ የዝዋይ ውኃ ጨው የሌለበት ሲሆን፣ ትርፉ በቡልቡላ ወንዝ በኩል የሚሄድለት አቢያታ ግን ለምን ጨዋማ እንደሆነ ያስረዳል። ውኃ ከዓለት እንደሚያሟሟ ልጆቹ ያውቃሉ፤ ውኃው ሲተን የሟሟው ነገር እንደሚቀር መስታወቱ ላይ አይተዋል። አዲስ የሚጨመርላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አቢያታ መውጫ የለውም።